ለሴሚናራችሁ የትኛውን ትመርጣላችሁ? የኤክስ ክሮሞሶም መዘጋት ወይስ ጂኖሚክ ኢምፕሪንቲንግ

ጅማ ውስጥ የጄኔቲክስ ሴሚናር የሚያዘጋጁ ተማሪዎች ደጋግመው የሚያነሱት ጥያቄ አለ። «የዲኤንኤ ፊደል ሳይለወጥ ጂን ዝም የሚልበትን ምሳሌ አቅርቡ» ይባላሉ። መጽሐፉን ሲገልጡ ሁለት ምሳሌ ጎን ለጎን ተቀምጦ ያገኛሉ። አንደኛው በሴቶች ሴል ውስጥ ከሁለቱ ኤክስ ክሮሞሶሞች አንዱ የሚዘጋበት ሂደት ነው። ሁለተኛው ኢምፕሪንቲንግ ነው፤ ጂኑ ከእናት ወይስ ከአባት መጣ በሚለው ተለይቶ ዝም የሚልበት። መጽሐፉ ሁለቱንም በእኩል ገጽ ስለሚያቀርብ ማንኛውንም ቢወስዱ ለውጥ የሌለው ይመስላቸዋል። ለውጥ አለው። ሁለቱ የሚያስረዱት ነገር ይለያያል፣ የሚያጠምዱበት ቦታም ይለያያል።

መልሴን አስቀድሜ ልንገራችሁ። ጊዜያችሁ አጭር ከሆነና አድማጩ ጀማሪ ከሆነ ኤክስን ያዙ፤ ማስረጃችሁን ግን ጂ6ፒዲ በሚባለው ኢንዛይም ላይ አቁሙት። «ይህ ሚውቴሽን ላለመሆኑ ምን ማረጋገጫ አላችሁ?» ብሎ የሚሞግት መምህር ፊት የምትቆሙ ከሆነ ግን ኢምፕሪንቲንግን ያዙ፤ ያውም ከአንድ ወላጅ ብቻ ሁለት ቅጂ የወረሰ ልጅ ታሪክ ላይ አተኩሩ። ክሮሞሶም ተቆርጦ የጎደለበትን ታካሚ ዋና ምሳሌ አታድርጉ። ምክንያቱን ወደ ታች እደርስበታለሁ።

ምን ማሳየት አለባችሁ

«ፊደሉ አልተለወጠም» የሚለው ዓረፍተ ነገር ማስረጃ ይፈልጋል። ጂኑ በቦታው እንዳለና ዝም እንዳለ ማሳየት አለባችሁ። ከዚያም በላይ ደግሞ የዝምታው ምልክት ሲነሳ ያው ጂን እንደገና እንደሚሠራ ማሳየት አለባችሁ። ተማሪዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚዘሉት ይህን የመጨረሻውን ነው፤ ክርክሩን የሚዘጋው ግን እሱ ነው። ሚውቴሽን ቢሆን ኖሮ ጂኑ በቀጣዩ ትውልድ ተመልሶ ጤነኛ ሆኖ አይነሳም ነበር።

ሌላ ልብ በሉት የምለው ነገር አለ። ሁለት ቅጂዎች ፍጹም አንድ ዓይነት ከሆኑ የትኛው ዝም እንዳለ መለየት አይቻልም። ስለዚህ ተመራማሪዎች በሁለቱ ቅጂዎች መካከል ትንሽ የፊደል ልዩነት ያለበትን ሰው ይፈልጋሉ። ያ ልዩነት የትኛው ቅጂ እንደሚሠራ የሚለይልን መለያ ብቻ ነው፤ ዝምታውን የሚያመጣው እሱ አይደለም። መለያውንና መንስኤውን ያደባለቀ ተማሪ በመጀመሪያው ጥያቄ ላይ ይወድቃል።

ኤክስ፦ በአንድ ሰው አካል ውስጥ ያለ ማስረጃ

እ.ኤ.አ. በ1961 ሜሪ ላየን የተባለች እንግሊዛዊት የጄኔቲክስ ተመራማሪ የሴት አይጦችን ዥንጉርጉር ፀጉር መሠረት አድርጋ መላምቷን አቀረበች። ፅንሱ ገና ጥቂት ሴሎች ብቻ ሳሉት እያንዳንዱ ሴል ከሁለቱ ኤክስ አንዱን በዕጣ ይዘጋል፤ ከዚያ ሴል የሚወለዱት ሴሎች ሁሉ ያንኑ ምርጫ ይዘው ይቀጥላሉ። ዛሬ የአሠራሩን ዋና ዋና ደረጃዎች እናውቃለን። ከሚዘጋው ኤክስ ላይ ኤግዚስት የተባለ ረጅም አርኤንኤ ይነበባል። ይህ አርኤንኤ ፕሮቲን አይሠራም። የተነበበበትን ክሮሞሶም ራሱን ይሸፍነዋል፣ የሚያፍኑ ፕሮቲኖችን ይጠራል፣ በኋላም በጂኖቹ መነሻ ላይ ሜቲል የተባለ ትንሽ ኬሚካላዊ ምልክት ይለጠፋል፤ ዝምታው ይጸናል። የፊደሉ ቅደም ተከተል ግን እንዳለ ይቆያል።

ለዚህ ብዙ ሰው ባለ ሦስት ቀለሟን ድመት ያቀርባል። ለዓይን ደስ ትላለች፤ እኔ ግን ለጅማ ተማሪ የምመርጠው ደምን ነው። በአካባቢያችን ቫይቫክስ የሚባለው የወባ ዓይነት አለ። በጉበት ውስጥ ተደብቆ የሚቀረውን ተውሳክ ለማጥፋት ፕሪማኪን ይሰጣል። ጂ6ፒዲ የሚጎድለው ሰው ይህን መድኃኒት ሲወስድ ቀይ የደም ሴሎቹ ሊፈርሱ ይችላሉ። የጂ6ፒዲ ጂን ደግሞ ያለው ኤክስ ላይ ነው። ስለዚህ የኤክስ መዘጋት እዚህ ከመጽሐፍ ወጥቶ ጤና ጣቢያ ይገባል።

አንድ ምሳሌ አብረን እንሥራ። ሦስት እህትማማቾች አሉ እንበል። ሦስቱም ከአባታቸው ጤነኛውን፣ ከእናታቸው ደካማውን የጂ6ፒዲ ቅጂ ወርሰዋል። በዚህ ጂን ላይ ፊደላቸው አንድ ነው። ጤነኛው ቅጂ የሚሠራበት ሴል የኢንዛይም አቅሙ 100 በመቶ፣ ደካማው የሚሠራበት ሴል 10 በመቶ ይሁን።

በታላቂቱ አካል ዕጣው ወደ ደካማው አጋድሎ ከ100 ሴል 80ው ደካማውን ይጠቀማል። ደሟ ሲለካ 8 ሲደመር 20፣ 28 በመቶ ይወጣል። መካከለኛይቱ ላይ ዕጣው እኩል ወድቋል፤ 5 ሲደመር 50፣ 55 በመቶ ይሆናል። በታናሺቱ ደካማውን የሚጠቀመው 20ው ብቻ ነው፤ 2 ሲደመር 80፣ 82 በመቶ። «አለ ወይስ የለም» ብቻ የሚል ፈጣን ምርመራ በአብዛኛው የሚይዘው ከ30 በመቶ በታች የወረደውን ስለሆነ ታላቂቱን «ጉድለት አለባት» ይላታል፤ ሁለቱን ታናናሾች «ደህና ናችሁ» ብሎ ያሰናብታቸዋል።

አሁን መካከለኛይቱን አስቧት። 55 በመቶ ማለት እያንዳንዱ ሴሏ በግማሽ አቅም ይሠራል ማለት አይደለም። ግማሹ ጥሬ፣ ግማሹ ያረረ ቡና ተቀላቅሎ ቢቀርብልን «መካከለኛ የተቆላ ነው» እንደማንለው ሁሉ፣ እዚህም ሁለት ዓይነት ሴሎች ተቀላቅለዋል። ግማሾቹ ሙሉ አቅም አላቸው፣ ግማሾቹ በ10 በመቶ ላይ ናቸው። መድኃኒቱ የሚጎዳው እነዚያን ግማሾቹን ነው። ለዚህም ነው ታፈኖኪን የተባለው አዲሱ መድኃኒት ከመሰጠቱ በፊት መጠኑን በቁጥር የሚለካ ምርመራ የሚጠየቀው፣ መነሻውም 70 በመቶ የሆነው።

እዚህ ላይ አንዲት ተማሪ «ቲቸር፣ ቀይ የደም ሴል ኒውክለስ የለውም፤ ታዲያ የቱን ኤክስ ነው የዘጋው?» ብላ ጠይቃኛለች። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ምርጫው የተደረገው ገና በፅንስነት ነው፤ በአጥንት መቅኒ ውስጥ ያሉት ቅድመ ሴሎች ያንን ምርጫ ይዘዋል። ቀይ ሴሉ ኒውክለሱን ከመጣሉ በፊት የተሠራለትን ኢንዛይም ይዞ ይወጣል፤ ዕድሜውን ሙሉ የሚኖረው በዚያ ነው።

ሁለት ዓይነት ሴሎች መኖራቸውን ኧርነስት ቦይትለርና ባልደረቦቹ በ1962 በሴቶች ደም ላይ አሳይተዋል። በቀጣዩ ዓመት ዴቪድሰን፣ ኒቶቭስኪና ቻይልድስ ከዚህ የበለጠ ጥርት ያለ ነገር አደረጉ። በኤሌክትሪክ መስክ ሲነዱ በፍጥነታቸው የሚለያዩ ሁለት የጂ6ፒዲ ዓይነቶች አሉ፤ ኤ እና ቢ ይባላሉ። ሁለቱንም ከያዙ ሴቶች ቆዳ ወሰዱ። ቆዳው በጅምላ ሲመረመር ሁለቱም ዓይነት ይታያል። ነጠላ ሴል ለይተው ሲያባዙት ግን እያንዳንዱ ዘር ወይ ኤ ብቻ ወይ ቢ ብቻ ሆነ፤ ሁለቱን የሚሠራ አልተገኘም። ኤ እና ቢ እዚህ መለያ ናቸው፤ ሁለቱም ደህና የሚሠሩ ኢንዛይሞች ስለሆኑ «ዝም ያለው የተበላሸው ነው» የሚል ሰው መሸሻ አያገኝም። ስለዚህ ለሴሚናር ከዚህ ሙከራ የሚሻል አላውቅም።

የዝም ያለው ጂን መመለስስ? ለዚህ ሁለት ማስረጃ አለ። የመጀመሪያው ቤተሰቡ ራሱ ነው። ከላይ ያለችው ታላቂቱ እህት በ80 በመቶ ሴሎቿ ጤነኛውን ኤክስ ዘግታዋለች። ወንድ ልጆች ብትወልድ ግን እያንዳንዱ ልጅ ጤነኛውን የመውረስ ዕድሉ ግማሽ ነው፤ የወረሰው ልጅም ኢንዛይሙ ሙሉ ይሆናል። እንቁላል በሚሆኑት ሴሎች ውስጥ የተዘጋው ኤክስ ተመልሶ ይከፈታልና። ሁለተኛው በ1981 የታተመ ሙከራ ነው። የተዘጋ የሰው ኤክስ የያዙ ሴሎች አዛሳይቲዲን የተባለ፣ ሜቲል የሚለጥፈውን ኢንዛይም የሚያስር ኬሚካል ሲሰጣቸው፣ በአንዳንዶቹ ውስጥ ዝም ብሎ የነበረ ኤችፒአርቲ የተባለ ጂን መሥራት ጀመረ። ሙሉው ኤክስ አልተነሳም፤ ይህን ሳትሸፋፍኑ ተናገሩ። ዝምታው በብዙ ድርብርብ ቁልፍ የተዘጋ ስለሆነ ሜቲሉን ብቻ ማንሳት ሁሉን አይፈታም።

ኢምፕሪንቲንግ፦ በእናትና በልጅ መካከል ያለ ማስረጃ

ኤክስን የሚዘጋው ዕጣ ነው። በኢምፕሪንቲንግ ዕጣ የለም። እናት በእንቁላሏ፣ አባት በዘሩ ውስጥ ምልክቱን አስቀድመው ያኖራሉ፤ ልጁ በእያንዳንዱ ሴሉ ያንን ይዞ ያድጋል። የሚነካውም ሙሉ ክሮሞሶም አይደለም፤ በሰው ላይ ወደ 100 የሚጠጉ ጂኖች ናቸው። በ1984 የሱራኒ ቡድን፣ እንዲሁም ማግራዝና ሶልተር፣ የአይጥ ፅንስን ከሁለት የእናት ወይም ከሁለት የአባት ኒውክለስ ለመሥራት ሞከሩ። የጂኑ ብዛት ሙሉ ነበር፤ ፅንሶቹ ግን አልዘለቁም።

በሰው ላይ በጣም የሚታወቀው ቦታ 15ኛው ክሮሞሶም ላይ ነው። በዚያ ያሉ የተወሰኑ ጂኖች የሚሠሩት ከአባት የመጣው ቅጂ ላይ ብቻ ነው፤ የእናትየው በጤነኛ ሰው ሁሉ ዝም ያለ ነው። ከአባት የሚመጣው ሥራ ሲጠፋ ፕራደር-ዊሊ የተባለው ሕመም ይመጣል። ሕፃኑ ሲወለድ ጡንቻው ልፍስፍስ ነው፣ መጥባት ያቅተዋል፤ ካደገ በኋላ ደግሞ የማይጠግብ ረሃብ ይይዘዋል። እዚያው አጠገብ ዩቢኢ3ኤ የተባለ ጂን አለ። እሱ ደግሞ በነርቭ ሴሎች ውስጥ የሚሠራው ከእናት የመጣው ብቻ ነው፤ ሲጠፋ አንጀልማን የተባለው ሌላ ሕመም ይመጣል።

ወጥመዱ እዚህ ነው። ፕራደር-ዊሊ ካለባቸው 100 ሰዎች ወደ 70 በሚጠጉት መንስኤው ከአባት በመጣው 15ኛ ክሮሞሶም ላይ ያለ ቁራጭ መጥፋቱ ነው። ተማሪው ይህን ስላይድ ላይ ያሳያል፤ መምህሩ «ዲኤንኤ ጎድሏል እኮ! ፊደል አልተለወጠም ያልከው የታል?» ይለዋል። መልስ አለው። የጎደለው የአባት ቁራጭ በእርግጥ የዲኤንኤ ለውጥ ነው፤ ዝምታው ያለው ግን በእናትየው ሙሉና ጤነኛ ቅጂ ላይ ነው። ቁራጩ የጠፋበት ልጅ የሚታመመው የቀረው ቅጂ ዝም ስላለ ነው። ጉድለቱ ያ ዝምታ እንዲታየን የሚያደርግ መለያ ሆኖልናል። መልሱ ትክክል ነው፤ ግን አድማጭ ፊት ላብ ያስወጣል። ታዲያ ለምን በዚህ መንገድ ትገባላችሁ?

ወደ 25 የሚሆኑት ታካሚዎች ላይ ምንም ቁራጭ አልጎደለም። ሁለቱም 15ኛ ክሮሞሶሞቻቸው ከእናት የመጡ ናቸው። ብዙውን ጊዜ የሚሆነው እንዲህ ነው። እንቁላሉ ሲሠራ የእናትየው ሁለቱ 15ኛ ክሮሞሶሞች ሳይለያዩ ይቀራሉ፤ ከአባት አንድ ሲጨመር ሦስት ይሆናሉ። እንዲህ ያለ ፅንስ አብዛኛውን ጊዜ ይጨናገፋል። አንዳንዴ ግን አንድ ሴል ከሦስቱ አንዱን ይጥልና ቁጥሩ ይስተካከላል። የተጣለው ከእናት ከመጡት አንዱ ከሆነ ልጁ ከዚህ ሕመም ይድናል። የተጣለው የአባትየው ከሆነ ቁጥሩ ልክ፣ ጂኑም ሙሉ ሆኖ ሳለ ሕመሙ ይመጣል።

አሁን ያንን ልጅ ከእናቱ ጋር አስተያዩት። ስህተቱ የተፈጠረው በመጀመሪያው የሜዮሲስ ክፍፍል ከሆነ፣ ይህ ቦታ ከሴንትሮመሩ ብዙም ስለማይርቅ፣ ልጁ በአብዛኛው የእናቱን ሁለት ቅጂዎች እንዳሉ ይዟቸዋል። እናትየው ጤነኛ ናት፤ ልጁ ታሟል። በሁለቱ ሰዎች ውስጥ በዚህ ቦታ ያለው ፊደል አንድ ነው። ልዩነቱ አንድ ብቻ ነው፤ እናትየው ከሁለቱ ቅጂዎች አንዱን ያገኘችው ከአባቷ ስለሆነ በእሷ ውስጥ ይሠራል። ያው ቅጂ በእሷ እንቁላል ውስጥ ሲያልፍ የአባቷ ምልክት ተነስቶ የእናት ምልክት ተደረገበት፤ ለልጁ ሲደርስ ዝም አለ። «ፊደል አልተለወጠም» ለሚለው ከዚህ የበረታ ማስረጃ በሰው ላይ አላውቅም። ኤክስ ይህን የመሰለ ነገር ሊሰጣችሁ አይችልም።

ስለ ምልክቱ መታደስ ሌላ የቤተሰብ ታሪክ ልጨምር። አንድ ሰው ከአባቱ የተበላሸ ዩቢኢ3ኤ ወርሷል እንበል። በነርቭ ሴሎቹ የአባት ቅጂ ድሮም ዝም ያለ ስለሆነ ጤነኛ ነው። ለልጆቹ ቢያስተላልፈውም ለእነሱ የአባት ቅጂ ነውና ጤነኞች ይሆናሉ። የወረሰችው ሴት ልጁ ስትወልድ ግን ያው ቅጂ የእናት ቅጂ ይሆናል፤ ከልጆቿ እያንዳንዱ የመታመም ዕድሉ ግማሽ ነው። ሐኪም ቤተሰቡን ሲጠይቅ በሽታው ከየት እንደመጣ ግራ የሚያጋባው፣ በአያት በኩል ተሰውሮ ስለሚያልፍ ነው።

ቤተ ሙከራ ውስጥ ምን ማሳየት ትችላላችሁ

በዚህ በኩል ኤክስ ያለ ክርክር ይበልጣል። የወባ ምርመራ የተማረ ሁሉ በጊምሳ የተቀባ ቀጭን የደም ስሚር መሥራት ይችላል። በዚያው ስሚር ላይ ኒውትሮፊሎችን ፈልጉ። በሴት ደም ከ100 ኒውትሮፊል 2 ወይም 3 በሚሆኑት ኒውክለስ ላይ በቀጭን ክር የተንጠለጠለች ትንሽ፣ ክብ፣ ጠቆር ያለች እብጠት ታያላችሁ። ያቺ የተዘጋው ኤክስ ናት። ክር የሌላት ወይም መሃሏ ሳሳ ያለ እብጠት ከሆነች አትቁጠሯት። ከመቶ በታች ቆጥሮ «የለም» ማለትም ስህተት ነው፤ ወደ 500 ድረስ ቁጠሩ። የደም ሰጪዋን ፈቃድ ሳትጠይቁ አትሥሩ፤ ይህ ምርመራ ስለ ሰው ክሮሞሶም የሚናገር ነገር ነውና። ወሰኑንም እወቁ፤ የምታዩት የተጨመቀ ክሮሞሶም ነው፣ ፊደሉ አለመለወጡን ማይክሮስኮፕ አይነግራችሁም።

ኢምፕሪንቲንግን በዓይን ማየት አይቻልም። የሚመረመረው ዲኤንኤው በባይሰልፋይት ታክሞ ነው። ሜቲል የሌለበት ሳይቶሲን ወደ ዩራሲል ይለወጣል፣ ሜቲል ያለበት እንዳለ ይቀራል፤ ከዚያ በፒሲአር ይለያሉ። ጤነኛ ሰው ሜቲል ያለበት የእናት ቅጂና ሜቲል የሌለበት የአባት ቅጂ ያሳያል። ፕራደር-ዊሊ ያለበት ሜቲል ያለበትን ብቻ ያሳያል። ምርመራው ሕመሙን ከ100 ከ99 በላይ ይይዛል፤ ቁራጭ ጠፍቶ ይሁን ሁለቱም ከእናት መጥተው ግን ብቻውን አይለይም። ይህን ለመለየት የወላጆች ናሙና የሚጨምር ሌላ ምርመራ ያስፈልጋል።

መድረክ ላይ የሚመጡ ሁለት ጥያቄዎች

ኤክስን ከመረጣችሁ ስለ ተርነር ትጠየቃላችሁ። ሁለተኛው ኤክስ ድሮም ዝም የሚል ከሆነ አንድ ኤክስ ብቻ ያላት ሴት ለምን አጭር ትሆናለች፣ እንቁላሏስ ለምን ይጠፋል? መልሱ ዝምታው ሙሉ አለመሆኑ ነው። በተዘጋው ኤክስ ላይ ካሉት ጂኖች ወደ 15 በመቶ የሚሆኑት ከመዘጋት ያመልጣሉ፤ ቁመትን የሚነካው ጂን ከእነሱ አንዱ ነው። «ሙሉ በሙሉ ይዘጋል» ብላችሁ ከጀመራችሁ እዚህ ትጠመዳላችሁ፤ ስለዚህ ከመጀመሪያው «አብዛኛው» በሉ።

ሁለቱን እንደ ሁለት የማይገናኙ ሂደቶች ካቀረባችሁ ደግሞ ስለ አይጥ የእንግዴ ልጅ ትጠየቃላችሁ። ታካጊና ሳሳኪ በ1975 እንዳሳዩት፣ በሴት የአይጥ ፅንስ አካል ውስጥ ኤክስ የሚዘጋው በዕጣ ሲሆን የእንግዴ ልጅ በሚሆኑት ሴሎች ውስጥ ግን ሁልጊዜ የሚዘጋው ከአባት የመጣው ነው። እንደ ካንጋሮ ባሉ ባለ ከረጢት እንስሳት ደግሞ በመላ አካላቸው የሚዘጋው የአባት ኤክስ ነው። ይህ በአንድ ጊዜ የኤክስ መዘጋትም ኢምፕሪንቲንግም ነው። ወደ አንዱ ክፍል አስገቡት ብትባሉ እሺ አትበሉ፤ የተዘጋው ኤክስ ነው፣ የትኛው እንደሚዘጋ የወሰነው የወላጅ ምልክት ነው ብላችሁ መልሱ።